ሠርጉ ቀረ፤ ቀብዱስ የማን ነው?

በ2012 ዓ.ም. ዳግማይ ትንሣኤ የዋለው እሑድ ሚያዝያ 18 ቀን ነበር። ሁዳዴ አልፎ፣ ጾሙ ተፈትቶ የሠርግ ወቅት የሚከፈትበት ሳምንት ነው። ለዚያ እሑድ አዳራሽ የያዘ፣ ካርድ ያሳተመ፣ ሰንጋ ያስጠየቀ ሙሽራ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። የኮሮና ወረርሽኝ ግን ቀደማቸው። መጋቢት 4 ቀን በሀገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶችም ታገዱ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ።

በዚያ ሰሞን ምን ዓይነት ስልክ ይደወል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። አንድ ምሳሌ ልሥራ። ሰዎቹም ገንዘቡም የኔ ፈጠራ ናቸው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው። ሙሽራው ጥር 20 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድ የሠርግ አዳራሽ ለሚያዝያ 18 በ120 ሺህ ብር ተከራይቶ 40 ሺህ ብር ቀብድ ከፍሏል። ቀሪውን 80 ሺህ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሊከፍል ፈርሟል። በሚያዝያ መጀመሪያ ለአዳራሹ ባለቤት ይደውላል።

«ጋሼ፣ መንግሥት ከለከለን እኮ። እባክዎ ቀብዳችንን ይመልሱልን።»

«ልጄ፣ እኔ መቼ ከለከልኳችሁ? አዳራሹ እንደሆነ አለ፤ ወንበሩም ተደርድሯል። ደግሞስ ውሉ ላይ ቀብድ አይመለስም ይላል። አንብበህ ነው የፈረምከው።»

የሙሽራው አጎት ከጎን ሆነው ይሰማሉ። እሳቸውም የሰሙት ሕግ አላቸው። «ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ነው የሚከፍል! ሰማንያ ሺህ ብለህ ጠይቀው» ይላሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ሰዎች ሦስት ሕግ ይዘው ቆመዋል። ባለቤቱ አርባ ሺህን ላለመመለስ፣ ሙሽራው አርባ ሺህን ለማስመለስ፣ አጎት ሰማንያ ሺህ ለማስከፈል። ማናቸው ልክ ናቸው? መልሱ ያለው የሕግ ባለሙያዎች «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» በሚሉት፣ የውል ወረቀቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፎርስ ማጆር» ብለው በሚጽፉት ሐሳብ ውስጥ ነው።

ጥፋት የለብኝም ማለት አያድንም

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ «ፎርስ ማጆር» የሚለው ፈረንሳይኛም ጽንሰ ሐሳቡ ካደገበት ከዚያው ሀገር ሕግ የመጣ ነው። ሕጉ ስለ ውል ሲናገር መነሻው ጥብቅ ነው። በአንቀጽ 1731 መሠረት በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። አንቀጽ 1791 ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ነገር ይጨምርበታል፤ ቃሉን ያልፈጸመ ሰው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ኪሣራ ይከፍላል ይላል።

ይህ ነጥብ ከዕለት ተዕለት የፍርድ ስሜታችን ጋር ይጋጫል። እኛ አንድ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ አስቀድመን የምንጠይቀው «አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ?» ብለን ነው። የውል ሕጋችን ግን በመደበኛው ይህን አይጠይቅም። ሲሚንቶ አቀርባለሁ ያለ ነጋዴ ጓደኛው ስለ ከዳው፣ መኪናው ስለ ተበላሸ፣ ባንክ ብድር ስለ ከለከለው ማቅረብ ካቃተው፣ ሐሳቡ ንጹሕ ቢሆንም ኪሣራውን ይከፍላል። ከዚህ ኃላፊነት የሚያወጣው ዋናው በር አንድ ነው። እንዳይፈጽም የከለከለው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል መሆኑን ማስረዳት አለበት። የማስረዳቱ ሸክምም የእሱ ነው፤ ባለገንዘቡ «አልነበረም» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

በሩ ደግሞ ሁለት መቀርቀሪያ አለው። አንቀጽ 1792 እንደሚለው ድርጊቱ ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው መሆን አለበት፤ ግዴታውንም ፈጽሞ እንዳይወጣ የከለከለው መሆን አለበት። ሁለቱም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ሊታሰብ የሚችል ነገር ቢከለክልም አያድንም፤ ያልታሰበ ነገርም ሥራውን ውድ ወይም አድካሚ ከማድረግ ካላለፈ አያድንም።

ውሉ የተፈረመበት ቀን

የመጀመሪያውን መቀርቀሪያ በአዳራሹ ጉዳይ እንሞክረው። አንቀጽ 1793 እንደየሁኔታው ከአቅም በላይ ኃይል ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። ባለዕዳው የማይጠየቅበት ሦስተኛ ሰው የፈጸመው ያልታሰበ ድርጊት፣ ውሉን ከመፈጸም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላ፣ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ አደጋ፣ የውጭ ወይም የእርስ በርስ ጦርነት፣ የባለዕዳው ሞት፣ ከባድ አደጋ ወይም ድንገተኛ ጽኑ ሕመም ናቸው። የመሰብሰብ ክልከላው ከዝርዝሩ በሁለተኛው ውስጥ በትክክል ይገባል።

«እንደየሁኔታው» የምትለዋን ቃል ግን ሳናያት እንዳናልፍ። ዝርዝሩ ውስጥ መገኘት ብቻውን አይበቃም፤ ነገሩ ውሉ ሲፈረም የማይታሰብ መሆን አለበት። የኛ ሙሽራ የፈረመው ጥር 20 ቀን ነው። በዚያ ቀን የቫይረሱ ወሬ ከቻይና ይሰማ እንጂ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሦስት ወር በኋላ አምስት ሰው መሰብሰብ ሕገወጥ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። መቀርቀሪያው ተከፈተ።

አሁን ቀኑን ብቻ እንለውጥ። ሌላ ሙሽራ ለዚያው እሑድ የፈረመው መጋቢት 10 ቀን ነው እንበል። በሽታው ከተማ ውስጥ ገብቷል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ስብሰባ ለአሥራ አምስት ቀን ታግዷል። ይህ ሰው «ክልከላ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» ቢል ዳኛው የሚያምነው አይመስልም። በሽታውም ክልከላውም ለሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መልሱ የሚለያየው በፊርማው ቀን ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክርክር ልምድ ያለው ጠበቃ አስቀድሞ የሚያየው ውሉ መቼ እንደተፈረመ ነው። ጦርነት ባለበት አካባቢ ዛሬ ዕቃ አደርሳለሁ ብሎ የሚፈርም የጭነት ማኅበር ነገ ጦርነቱን ምክንያት ለማድረግ የሚቸገረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከበደ ማለት ተሳነ ማለት አይደለም

ሁለተኛው መቀርቀሪያ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። በንግድ ቤቶች «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» የሚለው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ጨመረ ለማለት ነው። ሕጉ ግን አቅምን የሚለካው በኪስ አይደለም። አንቀጽ 1794 በተለይ ሦስት ነገሮችን ከዝርዝሩ ያወጣል። ተዋዋዮቹ ካልተስማሙበት በቀር በባለዕዳው ድርጅት ወይም በሥራው ዘርፍ የሚነሣ የሥራ ማቆም፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት ወይም መውረድ፣ የባለዕዳውን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት ከአቅም በላይ ኃይል አይባሉም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዋጋ ሊፍት አስመጥቼ እገጥማለሁ ብሎ በብር የተዋዋለ ሰው ምን ያህል እንደተጎዳ ለመገመት ካልኩሌተር አያስፈልግም። ቢሆንም ሊፍቱ ይገኛል፣ መርከቡም ይጓዛል፣ ጉምሩኩም ክፍት ነው። ሥራው ከበደ እንጂ አልተሳነም።

ፍርድ ቤቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አዝኖ ውሉን ሊያሻሽልለት አይችልም ወይ? ሕጋችን እዚህ ላይ ከብዙ ሀገሮች ሕግ ይልቅ የጠበቀ ነው። አንቀጽ 1763 ዳኛው ሕግ በግልጽ ካልፈቀደለት በቀር ርትዕ ነው ብሎ የውል ቃል እንዳይለውጥ ይከለክለዋል። አንቀጽ 1764 ደግሞ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ጸንቶ ይቆያል ይላል። መፍትሔው በተዋዋዮቹ እጅ ነው። አስቀድመው በውሉ ሊያስቡበት፣ በኋላም ተስማምተው ሊያሻሽሉት ወይም ለሽማግሌ ዳኛ ሊተዉት ይችላሉ። ከመንግሥት አስተዳደር ጋር የሚደረጉ ውሎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ በመንግሥት የግንባታ ውሎች ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ የሚታየው አንድም ለዚህ ነው። ሁለት ግለሰቦች በሚፈርሙት ውል ላይ ግን ይህን የሚያስገባላቸው ራሳቸው ካልሆኑ ማንም የለም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆን ታሪክ በጎረቤታችን በሱዳን ወደብ ተጀምሯል። በ1956 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር አንድ ነጋዴ 300 ቶን የሱዳን ለውዝ ከፖርት ሱዳን ጭኖ ሐምቡርግ ለማድረስ ተዋዋለ። ዋጋው የመርከብ ኪራዩንና መድኑን ያካተተ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በኅዳር መጀመሪያ የስዊዝ ካናል በጦርነት ተዘጋ። ለውዙ ጀርመን ሊደርስ የሚችለው አፍሪካን ዞሮ፣ በደቡብ ጫፍ በኩል ብቻ ሆነ፤ መንገዱ ከእጥፍ በላይ ረዘመ፣ ኪራዩም አብሮ ናረ። ሻጩ ውሉ ከሽፏል ብሎ ሳይጭን ቀረ። ነገሩ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰና በ1961 እ.ኤ.አ. ተፈረደበት። ውሉ በስዊዝ በኩል ብቻ ይሂድ አላለም፤ ለውዝ በረጅም ጉዞ አይበላሽም፤ በተወሰነ ቀን ካልደረሰ ዋጋ የለውም የሚል ነገርም አልነበረም። ስለዚህ ረጅሙ መንገድ ውድ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም ተባለ። ከጅማ ቡና ጭኖ የሚመጣ አሽከርካሪም አንዱ መንገድ ተዘግቶ ሌላው ዙሪያ ክፍት ከሆነ የሚጠብቀው መልስ ይኸው ነው።

አዳራሹ ቀረ፤ ቀሚሱስ?

ወደ ሠርጋችን እንመለስ። አንድ ሠርግ በውስጡ ብዙ ውሎች አሉት፤ ክልከላው ሁሉንም እኩል አይነካም። አዳራሹ የሚከራየው አምስት መቶ እንግዳ እንዲስተናገድበት ነው፤ ያ በሕግ ተከልክሏል። ባለቤቱ «አዳራሹ አለ» ማለቱ አያዋጣም። የተዋዋሉት ባዶ ወንበር ለማየት አይደለም፤ ለሙሽራው ሊሰጥ የገባው ቃል ሠርግ የሚደገስበት አዳራሽ ነው። ያን ደግሞ በዚያ ቀን ሊሰጥ አይችልም። ቪዲዮ ቀራጩም እንዲሁ ነው፤ የሚቀርጸው ሠርግ የለም።

የሙሽሪት ቀሚስ ግን ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዋ በውሉ መሠረት ሰፍታ ለማስረከብ ማንም አልከለከላትም። ሙሽሪትም ገንዘብ ከመክፈል አልተከለከለችም። ቀሚሱ ደግሞ ለሌላ ቀን ይሆናል። ስለዚህ ሙሽሪት «ሠርጉ ስለ ቀረ አልከፍልም» ብትል ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደርስላትም። ጥያቄው «ሠርጉ ቀርቷል ወይ?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «ይህ ሰው፣ በዚህ ውል፣ እሰጣለሁ ወይም እሠራለሁ ያለው ነገር ታግዷል ወይ?» ነው። ሁሉንም ውል በአንድ ጆንያ ከትቶ «ኮሮና ነው» ማለት ብዙዎችን የሚያሳስት አካሄድ ነው።

በዚሁ ምክንያት የገንዘብ ዕዳ ከአቅም በላይ ኃይል በሚለው ምክንያት የመሠረዝ ዕድሉ እጅግ የጠበበ ነው። ገንዘብ ከእኔ ኪስ ቢጠፋም ከዓለም አይጠፋም። ሥራው የቆመበት ተከራይ የቤት ኪራይ ግዴታው በዚሁ መርሕ ብቻ አይቀርለትም። በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ በተለይ መከልከሉ ይህን ያሳያል፤ መደበኛው የውል ሕግ ተከራዩን ስለማያድነው የተለየ ሕግ አስፈለገ።

የንጉሡ ሕመም

የቀረ ድግስ ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። በ1902 እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በዓለ ንግሥ በለንደን ሊከበር ተቀጠረ። ከኛም ራስ መኮንን ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ለዚሁ በዓል ወደዚያ ተጉዘው ነበር። ሰልፉ በሚያልፍባቸው ጎዳናዎች ላይ መስኮት ያለው ሰው ሁሉ መስኮቱን አከራየ። ሁለት ቀን ሲቀረው ንጉሡ የትርፍ አንጀት ሕመም ጸናበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በዓሉ ወደ ነሐሴ 9 ተላለፈ። ፍርድ ቤቶቹም በመስኮት ክርክር ተሞሉ።

ከእነዚህ አንዱ «ክሬል ከሄንሪ» ተብሎ ይታወቃል። ሄንሪ የክሬልን ቤት ለሁለት ቀን፣ ለቀን ሰዓት ብቻ፣ በ75 ፓውንድ ተከራይቶ 25 ፓውንድ ቀብድ ከፍሎ ነበር። ክሬል ቀሪውን 50 ፓውንድ ጠየቀ። መከራከሪያው የኛን ባለ አዳራሽ ይመስላል፤ ክፍሉ አለ፣ መስኮቱም አለ፣ ገብተህ መቀመጥ ትችል ነበር የሚል ነው። ውሉ ላይ ስለ ንግሡ አንድም ቃል አልተጻፈም። ዳኞቹ ግን ሁለቱም ሰዎች ሲስማሙ የውሉ መሠረት ሰልፉ መሆኑን ያውቁ ነበር አሉ። ያ መሠረት ሲጠፋ ውሉ ከሸፈ፤ ሄንሪ 50 ፓውንዱን ከመክፈል ዳነ። የእንግሊዝ ሕግ የውል መክሸፍ የሚለው ትምህርት ከኛ ሕግ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የኛ ሕግ የሚያየው ባለዕዳውን የከለከለውን ኃይል ነው፤ የእነሱ ሕግ የውሉን መሠረት ያያል፣ መሠረቱም ሲናድ ውሉ ያለማንም ጠያቂነት በራሱ ይቋረጣል።

ከሸፈ ማለት ግን ገንዘቡ ይመለሳል ማለት አልነበረም። በዚያው ንግሥ ምክንያት በተነሣ ሌላ ክርክር አንድ ሰው 141 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ ለሚያወጣ ክፍል 100 ፓውንድ አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ የከፈለው አይመለስም ብሎ ወሰነ፤ ሙሉው ዋጋ የመክፈያ ጊዜው በዓሉ ከመሰረዙ በፊት የደረሰ ስለ ነበር ቀሪውንም ክፈል አለው። ኪሣራው በወደቀበት ይቅር የሚል መንገድ ነበር። ይህ ግልጽ በደል ለማረም አርባ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1942 እ.ኤ.አ. የጌቶች ምክር ቤት ያን አስተያየት ሻረው፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርላማው ስለ ከሸፉ ውሎች ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ይመለሳል፤ ነገር ግን ተቀባዩ ለውሉ ብሎ ወጪ አውጥቶ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተገቢ ነው ያለውን ያህል ሊያስቀርለት ይችላል።

የቀብዱ ሒሳብ

አሁን ወደ ሦስቱ ተከራካሪዎች እንሂድ። አጎት የጠቀሱት ሕግ አለ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1885 ይገኛል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ደግሞ እጥፉን ከፍሎ ሊያፈርስ ይችላል። ባለቤቱ «አይመለስም» ሲልም የያዘው የዚሁኑ ሕግ አንድ ጎን ነው። ሁለቱም የዘነጉት ግን ይህ ደንብ ሐሳቡን ለለወጠ ሰው የተሠራ መሆኑን ነው። ባለቤቱ የተሻለ ከፋይ አግኝቶ አዳራሹን ለሌላ ቢሰጥ እጥፍ ይክፈል፤ ሙሽራው የሚያምር አዳራሽ አይቶ ቢሄድ ቀብዱን ይተው። በሚያዝያ 2012 ግን ማንም ሐሳቡን አልለወጠም። ውሉን ያስቀረው ከሁለቱም ውጭ ያለ ክልከላ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ሦስት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ ባለቤቱ አዳራሹን ለሠርግ ባለማቅረቡ ኪሣራ አይጠየቅም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ያድነዋል። የሙሽራው ቤተሰብ «ካርድ አሳትመን ነበር፣ ክፈለን» ሊለው አይችልም። ቀጥሎ አንቀጽ 1788 አንዱ ወገን ግዴታውን መፈጸም የማይችል ሲሆን ሌላው ውሉን እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። ሙሽራው ውሉን ሲሰርዝ ቀሪውን 80 ሺህ ከመክፈል ይድናል። በመጨረሻ አንቀጽ 1815 ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ ውሉ ባይኖር ኖሮ ይኖሩበት ወደነበረው ቦታ ይመለሱ ይላል። ጥር 20 ቀን ውል ባይኖር 40 ሺው ብር ያለው በሙሽራው ኪስ ነው። ወደዚያው ይመለሳል።

ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ኪሣራ ከመክፈል የሚያድን ጋሻ ነው፤ ገንዘብ ይዞ ለመቅረት የሚያበቃ መብት አይደለም። ባለ አዳራሹ ጋሻውን ሲያነሣ ቀብዱን አብሮ ማንሣት አይችልም።

ባለቤቱ ግን ለዚህ ሠርግ ብቻ ብሎ 6 ሺህ ብር የአበባ ጌጥ አዝዞ፣ መመለስ የማይቻል ሆኖበት ቢሆንስ? ሕጉ ነገሮችን ሙሉ በሙሉ ወደ ነበሩበት መመለስ የማይቻል ወይም ትልቅ ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን ዳኛው ሌላ የማካካሻ መንገድ እንዲፈልግ ይፈቅዳል። ደረሰኝ ይዞ የቀረበ ባለቤት ይህን ወጪ አንሥቶ የመከራከር ዕድል አለው። ደረሰኝ የሌለው «ብዙ አወጣሁ» ግን ሩቅ አይወስድም።

«ቀብድ አይመለስም» የምትለው የውሉ ሐረግስ? ክርክሩ የሚከርረው በእሷ ላይ ነው። ባለቤቱ ቃሉ ግልጽ ነው፣ ውልም ሕግ ነው ይላል። ሙሽራው ደግሞ ሐረጓ የተጻፈችው ለሚያፈገፍግ ደንበኛ ነው፣ ውልም በቅን ልቡና ይተረጎማል ይላል። እኔ ዳኛ ብሆን የሙሽራውን ንባብ እቀበላለሁ፤ አንድ ሰው ምንም ሳይሰጥ 40 ሺህ ብር እንዲይዝ ሁለቱም ተስማምተዋል ለማለት ከሁለት ቃል የሚበልጥ ነገር እፈልጋለሁ። ሐረጓ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያትም ቢሆን» ብላ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ለሙሽራው እጅግ ይከብዳል። ሕጉ ተዋዋዮች እንዲህ ያለውን አደጋ በስምምነት እንዲደላደሉ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 1886 መሠረት ከአቅም በላይ ኃይል ቢከለክለኝም ኃላፊ ነኝ ብሎ መፈረም እንኳ ይቻላል።

ዝም ያለ ሰው

ትክክለኛ ምክንያት እያላቸው የሚሸነፉ ሰዎችም አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፉት በዝምታ ነው። ሕጉ ግዴታውን መፈጸም ያልቻለ ወገን የከለከለውን ነገር ሳይዘገይ ለሌላው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ባለ አዳራሹ ክልከላው ከታወጀ በኋላ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ሙሽራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሚቀርብ ምግብ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፍል፣ ያን በማስታወቅ ሊቀር ይችል የነበረውን ኪሣራ ሊጠየቅ ይችላል። በተቃራኒው ሙሽራውም ጉዳቱ እንዳይበዛ የሚቻለውን ማድረግ አለበት። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀን ያለበት፣ የክልከላውን ስም የሚጠቅስ፣ ደርሶኛል የሚል ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ለክርክር ከሺህ ስልክ ይሻላል። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ሌላው የሚዘነጋው ጊዜ ነው። እገዳ ለጊዜው ሲሆን ግዴታውን ሁልጊዜ አይገድለውም፤ አንዳንዴ ያዘገየዋል ብቻ። የቤት ግንባታ ለሁለት ወር ቢታገድ ሁለት ወር ይገፋል እንጂ ቤቱ አይቀርም። የሠርግ ቀን ግን የውሉ ነፍስ ነው፤ በሌላ ቀን ይሁን ለማለት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለቤቱ «ለሚመጣው ጥር ላስተላልፍልህ» ቢል ሙሽራው እንዲቀበል አይገደድም፤ ከተቀበለ ግን አዲስ ውል ነውና ዋጋውም አብሮ መጻፍ አለበት። በቃል «ይተላለፍ» ተባብለው የተለያዩ ሰዎች በዓመቱ «ዋጋ ጨምሯል» በሚለው ላይ እንደገና ይጣላሉ።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው

በብዙ የውል ወረቀቶች መጨረሻ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲያጋጥም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ይታያል» የሚል መስመር ይታያል። ይህ መስመር ምንም አይጨምርም፤ ባይጻፍም ሕጉ እንዲያ ነው። ጥቅም ያለው አንቀጽ ሕጉ ለተዋዋዮቹ የተወውን ክፍተት የሚሞላ ነው። ምን ምን ነገር እንደሚቆጠር ብቻ ሳይሆን የተከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚሆን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚነገር፣ እገዳው ስንት ጊዜ ሲቆይ ውሉ እንደሚቀር፣ ዋጋ ከስንት በመቶ በላይ ቢንር ምን እንደሚደረግ ይናገራል። የመጨረሻው በተለይ ሕጉ በራሱ ፈጽሞ የማይሰጠው ነገር ነው።

የኛ ሙሽራና ባለ አዳራሹ በመጨረሻ ፍርድ ቤት አልሄዱም እንበል። በአጎት ፊት ቡና ተጠጥቶ፣ ባለቤቱ የአበባውን 6 ሺህ በደረሰኝ አሳይቶ 34 ሺህ ብር መለሰ። በዓመቱ በ2013 ዓ.ም. ጥር እንደገና ሊዋዋሉ ሲቀመጡ ባለቤቱ የቀድሞውን ወረቀት አወጣ፤ «ቀብድ አይመለስም» ይላል። ሙሽራው እስክሪብቶውን ከመፈረሙ በፊት አንድ መስመር ጨመረበት፤ «ደንበኛው ሐሳቡን ከለወጠ። መንግሥት ከከለከለ ግን በአሥር ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ ብቻ ይቀነሳል።» ባለቤቱ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህን ዐምና ጽፈነው ቢሆን ያን ሁሉ ባልተከራከርን» ብለው ፈረሙ።